የትኛውን ትችት ልስማ?

«ስለ አባቴ ሞት የጻፍኩትን ለሁለት ሰው አስነበብኩ። አንዱ ‹ለቅሶ ብቻ ነው፣ አሰልቺ› አለኝ፣ ሌላዋ ‹የቤተሰብ ገመና አደባባይ አወጣሽ› አለችኝ። ልጣለው?»

እረ አትጣይው እህቴ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን አስቀምጪው፣ ምክንያቱም አሁን የሚሰማሽ የስድቡ ቃና ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። ከዛ ፕሪንት አድርጊና እያንዳንዱ ሰው የቱ ጋ እንደደከመው ጠይቂያቸው፣ «አሰልቺ» ብቻ ካለሽ ምንም ልታደርጊው አትችይም፣ «ሁለተኛው ገጽ ላይ ተውኩት» ካለሽ ግን እሱ ወርቅ ነው።

እኔ ስለ አያቴ ስጽፍ አንዱ አንድ አንቀጽ ላይ «ይሄ የሀዘን መግለጫ ነው» ብሎ ሙልጭ አድርጎ ሰድቦኝ ነበር፣ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ግን ሌላ ጓደኛዬም ሳትነጋገረው እዛው አንቀጽ ላይ ቆመች። ሳየው «ደግ ነበረች፣ ሁሉን ትወድ ነበር» እያልኩ ነው፣ የማንም አያት ልትሆን ትችላለች። እሱ «ሙሉውን ቁረጠው» ብሎኝ ነበር፣ አልቆረጥኩም፣ በሱ ፈንታ ስኳሩን በመሀረብ ቋጥራ ትራስ ስር ትደብቅልኝ የነበረውን አስገባሁ። ቦታውን አምኜዋለሁ፣ መድሃኒቱን ግን የራሴ አደረግኩት።

የገመናው ነገር ሌላ ነው፣ እሱ ስለ ኑሮሽ እንጂ ስለ ጽሁፉ አይደለም፣ እንደ አርትኦት አትቁጠሪው። ብቻ እናትሽ እዛ ውስጥ ካሉበት ሳታወጪው በፊት አስነብቢያቸው።