ስታንዳርዱ በየጠርሙሱ ሲለያይ፦ ለሪኤጀንት አቅራቢ ስለሚጻፍ ደብዳቤ ጥያቄና መልስ

ከአንዲት የላቦራቶሪ ኃላፊ፦ አዲስ የመጣልን የግሉኮስ ሪኤጀንት ስታንዳርዱን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ያደርግብናል። "ሎቱ ተበላሽቷል" ብዬ ልጻፍላቸው?

እንዲያ ብለሽ አትጻፊ። "ፒፔታችሁን አይታችኋል?" የሚል መልስ ነው የሚመጣልሽ። እሱን ቀድመሽ መልሺ። ከሪኤጀንቱ ሦስት ጠርሙስ ክፈቺ። አንድ ሰው፣ በአንድ ፒፔት፣ በአንድ ቀን፣ ባለ 100 ሚሊግራም በዴሲሊትሩን ስታንዳርድ ከየጠርሙሱ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሥራ።

እኛ ዘንድ ማሽኑ ያነበበው የብርሃን መምጠጥ እንዲህ ወጣ። አንደኛው ጠርሙስ 0.308፣ 0.311፣ 0.310። ሁለተኛው 0.262፣ 0.259፣ 0.260። ሦስተኛው 0.287፣ 0.291፣ 0.288። አየሽ? በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ቁጥሮቹ ተጠጋግተዋል። የሚዘሉት ጠርሙስ ሲቀየር ነው። ጥፋቱ የፒፔቱ ቢሆን በአንዱ ጠርሙስ ውስጥም ይበታተኑ ነበር።

ከአሮጌው ሎት የተረፈሽ ካለ በዚያው ስታንዳርድ ሥሪው። የእኛ 0.312 አካባቢ ሰጠ። ስታንዳርዱም ከጥርጣሬ ወጣ።

ከሌላ ጠያቂ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? አዲስ ሎት ሲመጣ ካሊብሬት ማድረግ ነው፣ አለቀ።

ግማሹ ልክ ነው። ሎቱ በሙሉ እኩል ዝቅ ብሎ ቢሆን ካሊብሬሽኑ ያስተካክለው ነበር። ብዙ ጊዜ ደብዳቤም አያስፈልግም። እዚህ ግን ጠርሙሶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በአንደኛው ጠርሙስ ካሊብሬት አድርገህ በሁለተኛው ሥራ፦ 100 መሆን ያለበት ናሙና 84 ሆኖ ይወጣል። ጠርሙስ በቀየርክ ቁጥር ካሊብሬት ላድርግ ካልክ ደግሞ ችግሩን ደበቅከው እንጂ አልፈታኸውም።

ከሌላ ላቦራቶሪ፦ እኛም እንዲህ ሆኖብን ነበር። ከአቅራቢው ጋር ተጣልተን ስናበቃ የማሽኑ መብራት ደክሞ ተገኘ። አፈርን!

ለዚህ ነው አሮጌውን ሎት ጎን ለጎን የምሠራው። መብራቱ ቢደክም አሮጌውንም ያወዛውዘዋል፤ ጠርሙስ አይመርጥም። አሮጌ ሎት ካላስቀራችሁ ይህን ማሳየት ይከብዳል። እኔ አሁን ከየሎቱ አንድ ጠርሙስ ሳልከፍት አስቀራለሁ።

ስታንዳርድ ካልጠበቁ የጥራት ሰርተፍኬታቸውን ማሰረዝ አይቻልም?

ወንድሜ፣ ሌላ ስታንዳርድ ነው ያሰብከው። እኛ የምናወራው መጠኑ ስለሚታወቀው ፈሳሽ ነው።

ምክንያቱን ማግኘት የእኛ ሥራ ነው እንዴ?

አይደለም። ግን አንድ ቀላል ሙከራ ደብዳቤውን ያጠነክረዋል። መመሪያው በ37 ዲግሪ 10 ደቂቃ ይላል። የሁለተኛውን ጠርሙስ ቱቦ ሳናወጣ አቆየነው። በ10ኛው ደቂቃ 0.260 የነበረው በ25ኛው 0.303 ደረሰ። ሪአክሽኑ በሰዓቱ አላለቀም ማለት ነው። ኢንዛይሙ ደክሟል፣ ግን አልሞተም። በጉዞ ላይ የካርቶኑ አንድ ጎን ሞቆ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ይህ ግምት ስለሆነ ግን ደብዳቤው ውስጥ አላስገባሁትም። ቁጥሩን ብቻ ሰጠኋቸው፤ ምን ማለት እንደሆነ እነሱ ያውቁታል።

እስኪ ደብዳቤውን ራሱን አሳየን።

የካታሎግና የሎት ቁጥሩ፣ የተረከብንበትና የተከፈተበት ቀን ከላይ ነበር። ዋናው ክፍል ይኸው፦

"ከላይ የተጠቀሰው ሎት ከጠርሙስ ጠርሙስ የተለያየ የስታንዳርድ ውጤት እየሰጠ ነው። በሦስት ጠርሙሶች ያገኘነው ንባብ፣ የብላንኩ ንባብና በዚያው ቀን በቀድሞው ሎት የተሠራው ተያይዟል። ከተረከብን ጀምሮ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተቀምጧል፤ የፍሪጁ የሙቀት መዝገብም አብሮ አለ። ያልተከፈቱትን ጠርሙሶች ለይተን አስቀምጠናል። ከዚሁ ሎት በእጃችሁ ያስቀራችሁትን ናሙና እንድትፈትሹ፣ በጉዞ ላይ የነበረውን የሙቀት መዝገብ እንድትልኩልንና ከሌላ ሎት ምትክ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። እስከ መጪው ዓርብ መልሳችሁን እንጠብቃለን።"

"ተበላሽቷል" የሚል ቃል የለበትም። የታካሚ ስምም የለበትም። ያልተከፈቱትን በንዴት እንዳትጥሏቸው፤ መልሰው ሊመረምሯቸው ይፈልጋሉ።

ቀድሞ የወጣው የታካሚ ውጤትስ? የድጋሚ ምርመራውን ወጪ ማን ይችላል?

ውጤቱ የእኛ ኃላፊነት ነው፣ የአቅራቢው አይደለም። ጠርሙሱ ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ የወጣውን ውጤት ለየን። የተቀመጠ ናሙና ያለውን በአሮጌው ሎት ደገምን። ሴረሙ ከደም ሴሉ ሳይለይ ያደረውን ግን አልደገምንም፤ ሴሎቹ ግሉኮሱን ስለሚበሉት ውጤቱ ሌላ ስህተት ይሆናል። ለሐኪሞቹ ደውለን አዲስ ደም እንዲወሰድ ጠየቅን።

ወጪውን በተመለከተ ምትክ ጠርሙስ ሰጡን። የድጋሚ ምርመራውን ጥያቄ ግን እስካሁን "እያየነው ነው" ይላሉ።