የአዲስ አበባ የኪራይ ግብር እና የአይአርኤስ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «አይአርኤስ ደብዳቤ ላከልኝ። ለአዲስ አበባው ቤቴ ኪራይ ኢትዮጵያ ግብር ከፍያለሁ ብዬ ያስቀነስኩትን በማስረጃ አሳይ ይላል። የባንክ ስቴትመንት ይበቃል? ስምምነት አለ ብዬስ መከራከር እችላለሁ?»

ስቴትመንቱ ብቻውን አይበቃም። ብር መውጣቱን እንጂ ለምን ግብርና ለየትኛው ዓመት እንደተከፈለ አይናገርም። የስምምነቱን ነገር ደግሞ ተወው። አሜሪካና ኢትዮጵያ የድርብ ግብር ስምምነት የላቸውም። ቅነሳው የሚመጣው ከአሜሪካው ሕግ ነው፣ ክሬዲት ተብሎ በፎርም 1116።

እኔም ይኸው ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ወንድሜ በውክልና ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. 90,000 ብር ከፍሎልኛል። የገቢዎችን ደረሰኝ፣ ግብሩ የተሰላበትን ወረቀት እና የሁለቱንም የእንግሊዝኛ ትርጉም ላክሁ። ደረሰኙ ላይ የእኔ ስምና ቲን ቁጥር ነበር። ያንተንም እየው። ቲኑ በዘመድ ስም ከወጣ ግብሩ የእሱ እንጂ ያንተ አይመስልም።

ትርጉሙ ላይ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠርም ይጻፍ። አለዚያ ደረሰኝህን ያየ ሰው «2016» ሲያነብ በፈረንጅ 2016 የተከፈለ ግብር ይመስለዋል። የእኔ ሐምሌ 18 ማለት ጁላይ 25፣ 2024 ነው።

ቀኑ ለምንዛሪውም ወሳኝ ነው። እንደ አብዛኞቻችን ገቢና ወጪህን ገንዘቡ በገባና በወጣ ጊዜ የምትመዘግብ ከሆነ፣ ግብሩ ወደ ዶላር የሚቀየረው በተከፈለበት ቀን ምንዛሪ ነው። እኔ በከፈልኩ በአራተኛው ቀን ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በከፈልኩበት ቀን ዶላር 57 ብር ተኩል ገደማ ነበር፣ ስለዚህ 1,565 ዶላር አካባቢ ሆነ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ግን የዓመቱን መጨረሻ ምንዛሪ፣ 125 ገደማ፣ ወስዶ 720 ዶላር ጽፎ ነበር። ሳይላክ ስላየሁት ነው የዳንኩት። የዚያን ቀን ምንዛሪ ከባንኩ ድረ ገጽ አትመህ አያይዝ።

ደረሰኙ ላይ መቀጫ ወይም ወለድ ካለ ከድምሩ አውጣው። የቤትና የቦታ ግብርም እዚህ አይገባም፣ ስኬጁል ኢ ላይ የኪራዩ ወጪ ሆኖ ይቀነሳል።

ማስረጃው ቢሟላም ሙሉውን ላታገኝ ትችላለህ። አሜሪካ የቤቱን እርጅናና ጥገና ስለምትቀንስ እዚህ የሚታየው ትርፍ ትንሽ ነው፣ ክሬዲቱም በዚያ ትርፍ ላይ ከሚመጣው የአሜሪካ ታክስ አይበልጥም። እኔ ያን ዓመት 900 ገደማ ተጠቀምኩ። የቀረው መጀመሪያ ወደ ኋላ አንድ ዓመት፣ ከዚያ ወደፊት እስከ 10 ዓመት ይተላለፋል።

ትርጉሙ ከዘገየ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ ደውለህ ጊዜ ጠይቅ። ኦሪጅናሉን ግን እንዳትልክ፣ ኮፒ ይበቃል። የእኔ አንድ ወረቀት ጠፍቶ ወንድሜ ሌላ ለማስወጣት ሦስት ቀን ተመላልሷል።