ሽበት ሲቀድም፦ የሚመለሰውና የማይመለሰው

«23 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ ከጆሮዬ በላይ ሽበት ወጥቶብኛል። ሰው ሁሉ ሐሳብ ነው ይለኛል፤ ፋርማሲ ደግሞ የፀጉር ቫይታሚን ግዢ አሉኝ። እውነት ይመለሳል? ሲነቅሉት ይበዛል የሚባለውስ?»

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ከተማ በሕክምና ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፤ ራሴም ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ነው የሸበትሁት። ቫይታሚኑን ከመግዛትሽ በፊት ወደ ቤት ደውይና እናትና አባትሽ፣ አጎቶችሽና አክስቶችሽ በስንት ዓመታቸው መሸበት እንደጀመሩ ጠይቂ። የእኔ እናት ወንድሞች በሙሉ በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ሽበት አላቸው። የእኔም በእነርሱ መንገድ መጣ፤ የደም ምርመራዬ ንጹሕ ነው፣ ሽበቴ አልተመለሰም፣ እንዲመለስም አልጠብቅም። በአፍሪካውያን ዘንድ ከ30 ዓመት በፊት የወጣ ሽበት ያለ ዕድሜው የመጣ ይባላል፤ አብዛኛው ግን እንዲህ ከዘር የሚወረስ እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም።

ፀጉር ከራስ ቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም፤ ቀለሙን የሚያገኘው ከሥሩ፣ ገና እየተሠራ ሳለ ነው። እዚያ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። አሮጌው ፀጉር ረግፎ አዲስ በበቀለ ቁጥር ደግሞ እነርሱን የሚተኩ ተጠባባቂ ሕዋሳት ከሥሩ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ተጠባባቂዎቹ ካለቁ ያ ሥር ከዚያ በኋላ የሚያበቅለው ነጭ ፀጉር ብቻ ነው፤ በዘር የሚመጣው ሽበት በአብዛኛው ይህ ነው፣ ቅባትም ሆነ ኪኒን አይመልሰውም። ተጠባባቂዎቹ ሳያልቁ ቀለም የመሥራቱ ሂደት ብቻ ከተስተጓጎለ ግን ተስፋ አለ። ከዚህ ውስጥ በእኛ አካባቢ ዋናው መታሰብ ያለበት የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው።

የአባቴ ወንድም ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው። በዚያ ወገን በወጣትነቱ የሸበተ ሰው አናውቅም፤ እርሱ ግን በ28 ዓመቱ ሁለቱም ጆሮ ግንዶቹ በአጭር ጊዜ ነጡ። ዘመድ ሁሉ «የባጃጁ ዕዳ ነው ያሸበተው» አለ፤ ዕዳውም እውነት ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። መሪ ሲይዝ ጣቶቹ ይደነዝዙበታል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ እግሩ መሬቱን በደንብ አያገኘውም፤ ምላሱ ቀልቶ ልሙጥ ስለሆነ ወጡ ያቃጥለዋል። ለጨጓራው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወስድ ኖሯል። ጾሙን ሁሉ ይጾማል፣ ዓሣም አይበላም፤ በፍስኩም ቢሆን ሥጋና ወተት የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ደሙ ሲታይ ሄሞግሎቢኑ ወርዶ 9.6 ነበር። የቀይ የደም ሕዋሳቱ አማካይ መጠን፣ በውጤት ወረቀቱ ላይ MCV የሚለው፣ ከ80 እስከ 100 መሆን ሲገባው 114 ደርሷል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ቀይ ሕዋሳቱ ትልልቅና ሞላላ ናቸው፤ ከነጮቹም አንዳንዶቹ አስኳላቸው ስድስት ቦታ ተከፋፍሏል። ይህን ያየ የላቦራቶሪ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የቢ12 ወይም የፎሊክ አሲድ እጥረትን ነው። የቢ12 ልኬቱ 96 ሆኖ መጣ፤ ከ200 በታች እንደ እጥረት ይቆጠራል።

ጾም ብቻውን ሰውን እንዲህ አያደርግም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል፤ በፍስክ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ሰው በዐቢይ ጾም ምክንያት አይጎድልበትም። ጉዳት የሚመጣው ክምችቱ የሚሞላበት መንገድ ሲዘጋ ነው። ቢ12ን ከምግቡ ለማላቀቅ የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ ያንኑ አሲድ ይቀንሳል፣ የቆየ የጨጓራ ሕመምም እንደዚያው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ቢ12 የላቸውም፤ ጤፍም ብረት አለው እንጂ ይህ የለውም። የጣና ቆሮሶና አምባዛ ግን አላቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየንስሐ አባቶቻችሁ ትቻለሁ፤ በፍስኩ ወር ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ሽሮ ማዘዝ ግን አይገባኝም።

ሐኪሙ 1 ሚሊግራም የቢ12 መርፌ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን እየዘለለ፣ ነርቩ እየተሻሻለ ሲሄድ ደግሞ እያራራቀ ሰጠው፤ ኦሜፕራዞሉንም ገምግሞ አስቆመው። ምላሱና ድካሙ በሳምንታት ውስጥ ተሻሉ፣ የጣቶቹ መደንዘዝ ዘግይቶ ቀነሰ። ፀጉሩ የመጨረሻው ነበር። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ለወራት ምንም ለውጥ አልታየም። በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ጋ አብሬው ሄጄ ጆሮ ግንዱን ስመለከት ጫፋቸው ነጭ፣ ወደ ቆዳው ያለው ክፍል ጥቁር የሆኑ ፀጉሮች አገኘሁ። ትክክለኛ መመለስ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ነጩ ክፍል ነጭ እንደሆነ ይቀራል፣ ጥቁሩ ከሥር ይወጣል። የወጣውን ነጭ ፀጉር ከላይ ተቀብቶ ወደ ተፈጥሮው ይመልሳል የሚል ቅባት ካየሽ ቀለም ነው የሚሸጥልሽ። የእርሱም ቢሆን ሁሉም አልጠቆረም፤ ብዙው ሲመለስ የቀረው ነጭ ሆኖ ቀረ።

ሐሳብን በተመለከተ ሰዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በ2020 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት ከባድ ጭንቀት በነርቮች በኩል ኖርአድሬናሊን የሚባል ኬሚካል ያስለቅቃል፤ ተጠባባቂ ሕዋሳቱም በአንድ ጊዜ ተነሥተው ያልቃሉ፣ የአይጦቹም ቀለም አልተመለሰም። በ2021 ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የ14 ሰዎችን ፀጉር ርዝመቱን ተከትሎ ሲመረምር፣ ጭንቀት ሲቀንስ ከነጭ ወደ ጥቁር የተመለሱ ጥቂት ፀጉሮችን አግኝቷል፤ ከአንዱ ሰው ራስ ላይ አምስት ፀጉሮች የጠቆሩት በዕረፍት ጊዜው ነበር። አምስት ፀጉር ግን መስተዋት ፊት የሚታይ ለውጥ አይደለም። ይህም የሚሆነው ገና በመሸበት አፋፍ ላይ ባሉት ነው እንጂ ለዓመታት ነጭ ሆነው በኖሩት አይመስልም። ስለዚህ ሥራ ስታገኚ ይጠቁራል ብለሽ አትጠብቂ።

ሲነቅሉት ይበዛል የሚባለው ውሸት ነው፤ የአንዱ ሥር መነቀል ጎረቤቱን አያሸብትም። ደጋግሞ መንቀል ግን ሥሩን ያቆስላል፤ ቦታው በራ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ማቅለም ከፈለግሽ «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውን ተጠንቀቂ። ሂና በራሱ ቀይ ቡናማ ነው፤ ጥቁር የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ፊት እስኪያብጥ ድረስ አለርጂ ያስነሣል።

ከቤተሰብሽ በወጣትነቱ የሸበተ ሰው ካለና ሌላ ምንም ካልተሰማሽ ገንዘብሽን ያዢ። ከሌለ፣ ወይም ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የምላስ መቃጠል ካለ ሐኪም አማክረሽ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ (TSH) ተሠሪ፤ የታይሮይድ ችግርም ፀጉርን ሊያሸብት ይችላል። መደንዘዝ ካለ አትዘግዪ፣ የቆየ የነርቭ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላልና። ቢ12 ጎድሎ ሳለ ፎሊክ አሲድ ብቻውን መዋጥም አደገኛ ነው፤ የደም ማነሱን ያሻሽልና የነርቩ ጉዳት ተሸፍኖ ይቀጥላል።

ፋርማሲው ያሳየሽን የፀጉር ቫይታሚን ደምሽ ሳይቀዳ አትጀምሪው። ብዙዎቹ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን በከፍተኛ መጠን ይይዛሉ፤ የባዮቲን እጥረት የሌለበትን ሰው ሽበት አይመልስም፣ የአንዳንድ መሣሪያዎችን የታይሮይድና የቢ12 ውጤት ግን ያዛባል። ጀምረሽው ከሆነ ደም ከመስጠትሽ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት አቁሚው፤ ለምርመራ ስትመጪ ማሸጊያውን ይዘሽ ነይና ለሚቀዳሽ ሰው አሳዪው።