በርኖሱ ለምን ወለቀ? የአንድ ጥያቄ ቪዲዮ ጽሑፍ አዘገጃጀት

ጥያቄ፦ «ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ከፍታና ስለ ሙቀት የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ላዘጋጅ ጽሑፉን ጀምሬ ነበር፤ ሁሉን ካልነገርኩ የጎደለ እየመሰለኝ በጣም ረዘመብኝ። ከምን ልጀምር? ስንት ምሳሌ ይበቃል? መከለሻውስ ምን ይምሰል?»

መልስ፦ መምህር፣ ለደብረ ብርሃን አካባቢ ተማሪዎች በዚሁ ርእስ ጽሑፍ ሳዘጋጅ ከሁሉ በፊት የምጽፈው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከደብረ ብርሃን በርኖስ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ፣ በዚያው ቀን ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚያወልቀው ለምንድን ነው?» «ከፍታና ሙቀት» የሚለው ርእስ ብቻ ነው፤ የት እንደሚያበቃ አይነግርዎትም። ጥያቄው ግን ወሰን አለው፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ይህ በርኖሱ ለምን እንደወለቀ ለማስረዳት ይረዳል?» እያልኩ አልፈዋለሁ፤ የማይረዳው ይሰረዛል። ስለ ዝናብ ወቅትና ስለ ምድር ወገብ የጻፉት ካለ፣ እውነት ቢሆንም፣ በዚህ ሚዛን ይወጣል።

ከጥያቄው ቀጥሎ ማብራሪያ ከመስጠትዎ በፊት ተማሪው በልቡ የያዘውን የተሳሳተ ግምት ያንሡት። ብዙ ልጆች «ደጋው ለፀሐይ ስለሚቀርብ መሞቅ ነበረበት» ብለው ያስባሉ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,500 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ፀሐይ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አለመሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር በቂ ነው።

የሚከብደው ምክንያቱን በትክክል መጻፍ ነው። ብዙ ጽሑፎች «ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች፣ መሬት ደግሞ አየሩን ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ከፍ ያለው ይበርዳል» ብለው ያቆማሉ። ንቁ ተማሪ ግን «ደብረ ብርሃንም እኮ መሬት ላይ ናት» ብሎ ይጠይቃል፤ ትክክልም ነው። የጎደለው ሐሳብ ግፊት ነው፦ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ፣ ከቆላው ወደ ላይ የሚወጣው አየር ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ይህን ለማሳየት የብስክሌት መንፊያ ይበቃል፤ አየሩ ሲታመቅ መንፊያው በእጅ ሲነካ ይሞቃል፣ ከጎማው ሲለቀቅ ደግሞ የሚወጣው አየር ይቀዘቅዛል። ከጽሑፉ ውስጥ ሰፊውን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው።

ምሳሌዎቹ ሦስት ቢሆኑ ይበቃሉ፤ እርዳታው ግን በየምሳሌው እየቀነሰ ይሂድ። በመጀመሪያው ሁሉንም ደረጃ እርስዎ ይሥሩት፦ የደብረ ብርሃን ከፍታ ወደ 2,800፣ የሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 1,500 ሜትር ወይም 1.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ 1.5 × 6.5 = 9.75፣ ማለትም ወደ 10 ዲግሪ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሸዋ ሮቢት 31 ዲግሪ ከሆነ ደብረ ብርሃን ወደ 21 ይሆናል። ሁለተኛው አቅጣጫውን ይገልብጥ፦ ደብረ ብርሃን 19 ዲግሪ ሲሆን 800 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ መንደር ስንት ይሆናል? እዚህ 0.8 × 6.5 = 5.2 እስከሚለው ድረስ ብቻ ይሥሩና «እንደምር ወይስ እንቀንስ?» ብለው ዝም ይበሉ። መልሱ 24.2 ነው፤ 13.8 ያለ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ ምክንያቱን እንዳልያዘ ወዲያው ይታወቃል። ሦስተኛውን ለተማሪው ብቻ ይተዉት። ዝምታውን በጽሑፉ ላይ «5 ሰከንድ ጸጥታ» ብለው ካልጻፉት፣ በቀረጻ ጊዜ ድምፅዎ መሙላቱ አይቀርም።

የእኩለ ቀን ሙቀት የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ፣ ሲነጋ ዝቅተኛው ቦታ ከአጠገቡ ካለው ጉብታ በርዶ ሊገኝ ይችላል፤ የ6.5 ስሌት ለዚያ ሰዓት አይሠራም። የውርጭን ነገር ለሌላ ቪዲዮ ያቆዩት፤ «ስሌቱ አማካይ ነው» የሚለውን ግን ከመጀመሪያው ምሳሌ ጋር ይናገሩ።

መከለሻው ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ፣ አዲስ ቃልም አይግባበት። መጀመሪያ ጥያቄውን በዚያው አነጋገር ደግመው ተማሪው ራሱ እንዲመልስ ጊዜ ይስጡ፤ ከዚያ «ወደ ላይ ሲወጣ ግፊት ይቀንሳል፤ አየሩ ሰፍቶ ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ» ይበሉ።

ከመቅረጽዎ በፊት ጽሑፉን ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ጸጥታውንም ይቁጠሩት። ከዚያ ለአንድ ተማሪ አንብበውለት «ቪዲዮው የጠየቀው ምን ነበር?» ይበሉት። «ስለ አየር ንብረት ነው» ካለዎት መግቢያው እንደገና ይጻፍ፤ ስለ በርኖሱ መሆኑን ነግሮዎት፣ «ለምን ወለቀ?» ሲሉት ስለ ግፊት ካልነገረዎት ግን መስተካከል ያለበት የመንፊያው ክፍል ነው።