ከሲሚንቶው መጋዘን የተጻፈ ግኝት፦ ለወሎ ወጣት ኦዲተሮች

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ረቂቅ ሪፖርት ይዛችሁ ደሴ ቤቴ ድረስ ስለምትመጡ፣ ለእያንዳንዳችሁ ስደጋግም የኖርኩትን አንድ ጊዜ ልጻፈው። ግኝት አምስት ክፍል እንዳለው ታውቃላችሁ፦ የታየው ሁኔታ፣ መስፈርቱ፣ መንስኤው፣ ያስከተለው ውጤትና የማሻሻያ ሐሳቡ። አምስቱን መቁጠር ማንንም አያስቸግርም። ረቂቆቻችሁ የሚደክሙት መንስኤው ላይ ነው፤ መንስኤው ሲደክም የማሻሻያ ሐሳቡም አብሮት ይወድቃል።

በአንድ የደጋ ወረዳ ትምህርት ቤት ሲገነባ የገጠመ ጉዳይ ልውሰድ። መሥሪያ ቤቱ እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ። ወጣቱ ኦዲተር ያመጣው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«በመሥሪያ ቤቱ የንብረት አያያዝ ችግር በመኖሩ በርካታ ሲሚንቶ ጎድሎ የተገኘ ሲሆን ይህም የሆነው የንብረት አስተዳደር መመሪያው በአግባቡ ባለመተግበሩ በመሆኑ የመንግሥት ንብረት ለብክነትና ለምዝበራ እንዲጋለጥ ያደረገ ስለሆነ መመሪያው ሊከበር ይገባል።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አምስቱም ክፍሎች ያሉበት ይመስላል። ነገር ግን ስንት ኩንታል ጎደለ? ማን ቆጠረው? ማንስ ምን ያድርግ? የወረዳው ኃላፊ ይህን አንብቦ «እናስተካክላለን» ብሎ ይፈርምና በሚቀጥለው ዓመት ያው ግኝት ይደገማል።

እስቲ ከመዝገቡ እንነሳ። በሞዴል 19 ገቢ የሆነው 600 ኩንታል ነው። በሞዴል 22 ወጪ የሆነው ሲደመር 512 ኩንታል ይሆናል። ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ 88 ኩንታል መገኘት ነበረበት። ሰኔ 25 ቀን ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ባለበት ሲቆጠር 124 ከረጢት ተገኘ፤ ይህም 62 ኩንታል ነው። ጉድለቱ 26 ኩንታል ሆነ። በግዢ ደረሰኙ ላይ የኩንታሉ ዋጋ 1,200 ብር ስለሆነ የጎደለው ንብረት 31,200 ብር ያወጣል። የታየው ሁኔታ ይኸው ነው፤ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰነዱ ከተጻፉ በኋላ «በርካታ» የሚለው ቃል ሥራ ያጣል።

ከተገኙት ከረጢቶች 14ቱ ወለል ላይ ተደርድረው የክረምቱ እርጥበት አድርቋቸዋል። ወጣቱ ይህንንም ከጉድለቱ ጋር ሊደምረው ፈልጎ ነበር። አይደመርም። የደረቀው ሲሚንቶ ተቆጥሮ ተገኝቷል፤ መንስኤውም አደራደሩ እንጂ አመዘጋገቡ አይደለም። መንስኤያቸው የተለያየ ነገር ሁለት ግኝት ነው።

መስፈርቱን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። በወረዳ መሥሪያ ቤት ላይ የፌዴራሉን የግዢና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 የሚጠቅስ ረቂቅ አሁንም ይመጣልኛል። ያ አዋጅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ይመለከታል፤ እሱም በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ወረዳው የሚመራው በክልሉ ሕግ ነው። ክልሉ ያወጣውንና ንብረቱ ገቢና ወጪ በሆነበት ጊዜ የጸናውን መመሪያ ከነአንቀጹ ጥቀሱ። ይህ ከተሳሳተ ኃላፊው ስለ ሲሚንቶው አንድ ቃል ሳይናገር ግኝቱን ውድቅ ያደርግባችኋል፤ እውነትም አለው።

አሁን ወደ መንስኤው። «መመሪያው ስላልተተገበረ» ማለት መንስኤ አይደለም። መስፈርቱን በአሉታ መድገም ነው። መመሪያው ለምን አልተተገበረም? ወጣቱን ወደ ወረዳው መለስኩትና ሦስት ነገር እንዲጠይቅ አደረግኩ፦ የመጋዘኑ ቁልፍ ዓመቱን ሙሉ በማን እጅ ነበር? የሞዴል 22 ጥራዙስ? ከሁለቱ አንዱ እጅ ሲቀይር ምን ተጻፈ?

መልሱ ነገሩን ከሥሩ አወጣው። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ሚያዝያ ላይ የወሊድ ፈቃድ ወጥታለች። ቁልፉ በአንድ መስመር ደብዳቤ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛው ተሰጠ፤ ቆጠራም ርክክብም አልተደረገም። የሞዴል 22 ጥራዙ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። የግንባታው ሠራተኞች ሲመጡ መዝገብ ቤቱ በብጣሽ ወረቀት እያስፈረመ ሲሚንቶ ያወጣ ነበር። ወረቀቶቹ ተፈልገው ሲደመሩ 17 ኩንታል ሆኑ። ኦዲተሩ በዚህ አላቆመም፤ ግንባታው ቦታ ድረስ ሄዶ የተረካቢውን መዝገብ አየ፤ 17ቱ ኩንታል ተመዝግቦ አገኘው። ማስረጃ ያልተገኘለት 9 ኩንታል ብቻ ሆነ።

ውጤቱም ተለወጠ ማለት ነው። 31,200 ብር ጠፋ ብለን ብንጽፍ ኖሮ ሐሰት ይሆን ነበር። 20,400 ብር የሚያወጣው ሲሚንቶ ሥራ ላይ ውሏል፤ ችግሩ ሕጋዊ ሰነድ የሌለው መሆኑ ነው። የት እንደገባ ያልታወቀው 10,800 ብር የሚያወጣው ነው። እሱንም ቢሆን «ተሰረቀ» አትበሉ። ስርቆት መሆኑን የሚወስነው ሌላ አካል ነው፤ እናንተ ማስረጃ አልቀረበበትም በሉ።

እንግዲህ ግኝቱ እንዲህ ተጻፈ፦

«በሞዴል 19 እና 22 መሠረት በመጋዘን 88 ኩንታል ሲሚንቶ መገኘት ሲገባው ሰኔ 25 ቀን በተደረገ ቆጠራ 62 ኩንታል ተገኝቷል። የክልሉ የንብረት አስተዳደር መመሪያ ንብረት በሕጋዊ ወጪ ሰነድ ብቻ እንዲወጣ ያዛል። ጉድለቱ የተፈጠረው የንብረት ሠራተኛዋ ፈቃድ ስትወጣ ቁልፉ ያለ ቆጠራና ርክክብ በመተላለፉ፣ ለተተኪውም የሞዴል 22 ጥራዝ ባለመሰጠቱ ነው። በዚህም 17 ኩንታል ያለ ሕጋዊ ሰነድ ለግንባታ ወጥቷል፤ ዋጋው 10,800 ብር ለሆነ 9 ኩንታል ደግሞ ማስረጃ አልቀረበም።»

የማሻሻያ ሐሳቡ ከዚህ በኋላ ራሱ ይመጣል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለ17ቱ ኩንታል የተረካቢውን መዝገብ አያይዞ የወጪ ሰነዱን ያስተካክል፤ የ9ኙን ኩንታል ጉድለት አጣርቶ ተጠያቂው ላይ በሕጉ መሠረት ይወስን፤ ከእንግዲህም ቁልፍ ከመተላለፉ በፊት ቆጠራ ተደርጎ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ፣ ተተኪው የራሱ ጥራዝ ይሰጠው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያለፈውን ያጸዳሉ፤ መንስኤውን የሚነካው ሦስተኛው ነው። ወጣቶች ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ይመለስ ብላችሁ ታቆማላችሁ፤ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ቀጣዩ ፈቃድ ያንኑ ጉድለት ይዞ ይመጣል።

በመውጫ ስብሰባው ኃላፊው «ያለን የንብረት ሠራተኛ አንድ ናት፤ ሌላ የሥራ መደብ አልተፈቀደልንም» አሉ። ወጣቱ ተቃውሞ መስሎት ደነገጠ። አብሽር፣ አልኩት። ኃላፊው ጉድለቱን አልካዱም፤ መንስኤውን ነው ያጠሩልን። ስለዚህ መልሳቸው እንዳለ ሪፖርቱ ውስጥ ገባ፤ የማሻሻያ ሐሳቡም ተቀጣሪ እንዲጨምሩ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ተተኪው በዓመቱ መጀመሪያ በደብዳቤ እንዲሰየም በሚል ተስተካከለ። ወረዳው በእጁ ባለው አቅም ሊፈጽመው የማይችለውን ሐሳብ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ለክትትል የሚሄደው ኦዲተር ኃላፊውን «አስተካክላችኋል ወይ?» ብሎ አይጠይቅ። የውክልና ደብዳቤውን፣ ሁለት ፊርማና የቆጠራ ቀን ያለበትን የርክክብ ቅጽ፣ በተተኪው ስም ወጪ የሆነውን የሞዴል 22 ጥራዝ ያስቀርብ። ሦስቱ ከቀረቡ ግኝቱ ይዘጋል፤ አንዱ ከጎደለ የትኛው እንደጎደለ ተጽፎ ይቀጥላል።