ከካፖርቱ በፊት ጫማው

«ከአዲስ አበባ ወደ ሚኒያፖሊስ የምገባው በኅዳር መጨረሻ ነው። ለብርድ ልብስ ያለኝ 200 ዶላር ብቻ ነው፤ ከምን ልጀምር?»

ከእግርዎ ይጀምሩ፤ ካፖርቱን ያገለገለ ይግዙ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት ግን ተቃራኒውን ነበር። ገንዘቤን በአዲስ ካፖርት ጨርሼ በስኒከር ቀረሁ፤ ብርዱን ይከላከልልኛል ብዬም ሁለት የጥጥ ካልሲ ደርቤ ማሰሪያውን አጥብቄ አሰርሁ። በጥር ወር አንድ ጠዋት፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ደረቴ ሞቆኝ ሳለ የእግሬ ጣቶች ይቆረጥሙኝ ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ጠፋ። ለመድሁት ብዬ ደስ አለኝ፤ የሕመሙ መጥፋት ግን ዋናው የአደጋ ምልክት ነበር። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ሁለቱ ጣቶቼ አመድ መስለው ደንዝዘዋል። እንዲህ ሲያጋጥም ማሸትም ሆነ በፈላ ውሃ ማሞቅ ጉዳቱን ያብሳል፤ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ስሜቱ ካልተመለሰም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግርን ያቀዘቅዛል፤ የጠበበ ጫማ ደግሞ ደሙ እንደ ልብ እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ስለዚህ ውኃ የማያስገባና የውስጥ ሽፋኑ የሚወጣ ቡት ይፈልጉ፤ ሲሞክሩትም ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርገው ይሁን። ጣቶችዎ ውስጡ እንደ ልብ ካልተንቀሳቀሱ ከፍ ያለ ቁጥር ይውሰዱ። ሽፋኑን ማታ ማታ አውጥተው ያድርቁት።

ዛሬ እንደ አዲስ ብጀምር ገንዘቡን እንዲህ እመድበው ነበር፤ ለቡቱ 85 ዶላር፣ ለሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ 25፣ ሰውነት ላይ ልክክ ለሚል ሁለት ሙሉ የውስጥ ልብስ 35፣ ለኮፍያ፣ ለአንገት ልብስና ለጓንት 25፣ ለካፖርቱ የቀረውን 30። ሚኒሶታ ውስጥ ልብስ ላይ የሽያጭ ግብር ስለሌለ የተጻፈው ዋጋ አይጨምርብዎትም። ጓንቱ አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ይሁን፤ እርስ በርስ ይሞቃቃሉ።

በ30 ዶላር ደህና ካፖርት ያገለገሉ ልብሶች መሸጫ ውስጥ ይገኛል። ዳሌን መሸፈኑን፣ ዚፑ እስከ አገጭ መዘጋቱንና በላዩ ነፋስ የሚከለክል ጨርቅ መኖሩን ይዩ፤ ከዚያም ትከሻውንና ክንዱን በጣት ጨበጥ ጨበጥ ያድርጉ። ሙሌቱ ተንሸራቶ ሁለቱ ጨርቆች ብቻ የሚነካኩበት ቦታ ካለ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነውና ይተውት።

ከመርካቶ የቆዳ ጃኬት ገዝተው እንዳይመጡ አደራ። ለአዲስ አበባ ማታ ይበቃል፤ እዚህ ግን ሙቀት የሚይዝ ሙሌት ስለሌለው ሻንጣ ከማክበድ አያልፍም። በምትኩ ጋቢዎን ይያዙ፤ ለቤት ውስጥ ይሆንዎታል። የአየር ትንበያውም በፋረንሃይት መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ዜሮ ዲግሪ ሲሉ በእኛ አቆጣጠር ከዜሮ በታች 18 ገደማ ማለታቸው ነው።