ሒሳብ ያላወራረደን ሰው ሳይቆጡ ማስታወስ

«ደብረ ብርሃን ፕሮጀክት ቢሮ ነኝ፣ ታይምሺትና የጉዞ ሒሳብ ለሚያዘገዩ የምልከው ማስታወሻ ቁጣ ይመስላል አሉኝ፣ እንዴት ላስተካክለው?»

ወንድሜ ቁጣ የሚያስመስለው «በተደጋጋሚ ብናሳስብም»፣ «አሁንም አላስገባችሁም» የሚለው ነው፣ ያለፈውን ጥፋት ስለሚቆጥር፣ እሱን አውጣና ምን እንደጎደለ፣ እስከ መቼ እንደምትፈልገው፣ ካለፈ ምን እንደሚሆን ብቻ ጻፍ። ለምሳሌ መሀል ሜዳ ፊልድ ለወጣ ሰው እንዲህ ብትለው፦

«እንደምን ዋሉ፣ የመሀል ሜዳ ጉዞ ሒሳብዎ ያልተወራረደው የአልጋ ደረሰኝ ስለጎደለ ነው። እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት ያድርሱልኝ። ከዚያ ካለፈ ይሄ ሳይዘጋ ለሚቀጥለው ጉዞ ቅድሚያ ክፍያ ማውጣት አልችልም። ደረሰኙ ከጠፋ ዛሬውኑ ይደውሉልኝ።»

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትተዋት፣ ብዙ ሰው የሚዘገየው ደረሰኝ ጠፍቶበት ለመናገር አፍሮ ነው። «ከተመቸዎት» የሚለውን ግን አትጨምር፣ ቀኑን ያላላዋል። ታይምሺትም እንደዛው ነው፣ ፔሮል የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት ጻፍለት። ደግሞ ስም ዘርዝረህ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፍ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢለሰልስ ሰው ፊት ከሆነ ስድብ ነው፣ ለየብቻ ላክ። የማታደርገውን ነገርም አትጻፍ፣ አንዴ አይወጣም ብለህ ካወጣህ ቀጣዩን ማንም አያነበውም።